«መጣ»

ሰኔ 27 ነበር። የሂሳብ ሰው ይህን ቀን ሲሰማ ብቻ ይበቃዋል። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ይዘጋል። ከዚያ በፊት በየሰዉ እጅ ያለው ገንዘብ ሁሉ መወራረድ አለበት። የማያወራርድ ሰው ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የእኛው ጋሼ ናቸው።

ጋሼ ግዢ ክፍል ናቸው። ከእኔ በፊት፣ ከሥራ አስኪያጁም በፊት እዚያ ነበሩ። መርካቶን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ሌላው ሰው ሦስት ቀን ፈልጎ ያጣውን መለዋወጫ በግማሽ ቀን ይዘው ይመጣሉ። ደረሰኙን ግን አንዱን ከኪስ፣ አንዱን ከመኪናው ዳሽቦርድ፣ አንዱን ከየት እንደሆነ ፈጣሪ ከሚያውቀው ቦታ ሰብስበው፣ በፌስታል ያመጡታል። ግማሹ ላይ የድርጅታችን ቲን አይጻፍበትም። ቲን የሌለበትን ደረሰኝ ወጪ ብዬ ብይዝ ኦዲተሩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መልሼ እልካቸዋለሁ። ሻጩ ደግሞ አንዴ የቆረጠውን ደረሰኝ መለወጥ አይወድም። ይህ በየወሩ ነው።

ያን ቀን ጠዋት ፌስታሉ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። ጋሼ «በርቺ ልጄ» ብለውኝ ወጡ። እኔም «እሺ ጋሼ፣ ያቆዩልኝ» ብዬ ሸኘኋቸው። ከዚያ ስልኬን አነሳሁ።

ለማን ልጽፍ እንደነበር ግልጽ ነው፤ ለካሸራችን። ከእሷ ጋር የምንጻጻፈውን ሌላ ሰው ቢያነበው ሁለታችንም ሥራ እንፈልጋለን። ከደቂቃ በፊት የባንክ አድቫይስ ፎቶ በቴሌግራም ልካልኝ ነበር። እሱን «ፋይናንስና ግዢ» ወደሚባለው የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ፎርዋርድ አደረግሁት። ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ነገር ወደ አንድ ቦታ ብቻ ፎርዋርድ ስታደርጉ፣ ከነበራችሁበት ያወጣችሁና የላካችሁበት ቦታ ውስጥ ይከታችኋል። ፎቶው ያው ነው፤ ስክሪኑም ያው ይመስላል። እኔ አሁንም ካሸሯ ጋ ያለሁ መስሎኝ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ጋሼ ዛሬም የወር ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። ግማሹ ላይ የእኛ ቲን የለም። ሰውዬው ጡረታ ቢወጣ እኮ እኔም እንደ ሰው በጊዜ ቤቴ እገባ ነበር።»

ላክሁት። ግሩፑ ውስጥ 31 ሰው አለ።

ያወቅሁት በሹፌሩ ነው። ከመልእክቴ ሥር እንባ በእንባ ሆኖ የሚስቀውን ፊት አስቀመጠ። ካሸሯ እንዲህ አትስቅም፤ እሷ «ኪኪኪ» ብላ ነው የምትጽፈው። ቀና ብዬ የግሩፑን ስም ሳይ እጄ በረደ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ትክክል ነበር። ከማጥፋቴ በፊት መልእክቱን ተጭኜ ያዝኩት። ከመቶ ሰው ያነሰ አባል ያለው ግሩፕ ላይ ማን እንዳየው ይዘረዝራል። አራት ሰው፦ ሹፌሩ፣ የአይቲው ልጅ፣ የሰው ኃይል ጸሐፊዋና ስቶር ኪፐሩ። ስክሪኑን ፎቶ አነሳሁትና መልእክቱን አጠፋሁት። ቀድሜ አጥፍቼ ቢሆን ዝርዝሩም አብሮ ይጠፋ ነበር። ቴሌግራም ደግሞ እንደ ዋትሳፕ «ይህ መልእክት ተሰርዟል» የሚል መቃብር አይተውም። ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። እኔም ምንም እንዳልነበረ መሰለኝ።

በተለይ ዝርዝሩ ውስጥ ጋሼ የሉም። ጋሼ ዳታ የሚከፍቱት ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነው፤ ጥቅል ይቆጥባሉ። ዳታው ሳይከፈት የጠፋ መልእክት ደግሞ ስልካቸው ላይ ጭራሽ አይደርስም። ስለዚህ ከእሳቸው ያመለጥኩ መሰለኝ።

አሁን የስህተቴን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት ለካሸሯ ነው። ምክንያቱም ሰው ሲደነግጥ የሚጽፈው ለሚያባብለው ነው። እሷም አባበለችኝ። «አላዩትም አይደል? ታዲያ ምን ልትነግሪያቸው ነው? ተይው፣ አታነካኪው» አለችኝ። ቀጥዬ ለግሩፑ ይቅርታ መጻፍ ጀመርኩ። «በስህተት ለተላከው መልእክት…» ድረስ ደርሼ ተውኩት። ምንም ያላዩ ሃያ ምናምን ሰዎች «የትኛው መልእክት?» ሊሉ ነው። እሱን መተዌ ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን የባሰ ነገር አደረግሁ። ላዩት አራት ሰዎች ለየብቻ «እባካችሁ ለጋሼ እንዳትነግሩብኝ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ለሰው የሚጽፍ ሰው ወሬውን ራሱ ጠቅልሎ እያደለ ነው። ሦስቱ «እሺ» አሉኝ። ስቶር ኪፐሩ አልመለሰልኝም። ስልክ ላይ ስለነበረ ነው አሉ።

ይህ ሁሉ አርባ ደቂቃ ፈጀ። አርባ ደቂቃ! ከቢሮዬ እስከ ግዢ ክፍል ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ስልክም አለ።

በመጨረሻ ደወልኩላቸው። መርካቶ ነበሩ፤ የተሸካሚው «ዞር በሉ!» ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ» አልኩ።

«ሰምቻለሁ» አሉ።

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ።

«ሌባ ነው ያልሽኝ?»

«ኧረ ጋሼ! ኧረ በፍጹም!»

«ደረሰኝ እየጨመረ ገንዘብ ይበላል ብላ ለሠራተኛው ሁሉ ጽፋለች ነው የተባልኩት።»

እንግዲህ አስቡት። ያልኩትን አጥፍቼዋለሁ። ያላልኩት ግን በእግሩ እየሄደ ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ከዓለም እንዲጠፋ ስጸልይለት የነበረው መልእክት አሁን ብቸኛ ምስክሬ ሆነ። (ስቶር ኪፐሩን በተመለከተ አስተያየት የለኝም። የዓመቱ የንብረት ቆጠራ ልዩነት ላይ ማብራሪያ እስኪጽፍልን በትዕግሥት እየጠበቅን ነው።)

«ያልኩትን ቃል በቃል ልንገርዎት» አልኩ። ነገርኳቸውም። «ጋሼ ዛሬም የወር ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልለው መጡ፤ ግማሹ ላይ የእኛ ቲን የለም፤ ጡረታ ቢወጡ እኔም በጊዜ ቤቴ እገባ ነበር። ይኼው ነው ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ትንሽ አሰቡ። «ጡረታው እውነት ነው» አሉ። «እኔም ሰልችቶኛል። ሌባ ግን ካላልሽ…»

«አላልኩም። ላሳይዎት እችላለሁ።»

ይህን ያልኩት ሳላስብ ነው። ግን እውነት ነበር። እንደ እኛ ባለ ግሩፕ አድሚን የሆነ ሰው Recent Actions በሚለው ውስጥ የተሰረዙ መልእክቶችን እስከ 48 ሰዓት ድረስ ማየት ይችላል። አድሚኑ የአይቲው ልጅ ነው። ሄጄ ለመንኩት። በአንድ ሰዓት ውስጥ «አይተሃል እንዳትናገር» ያልኩት ልጅ ጋ ተመልሼ «አሳይልኝ» ስለው ፊቱን ብታዩት!

ጋሼ ከሰዓት በኋላ መጡ። ልጁ ስልኩን ሰጣቸው። መነጽራቸውን አወጡ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ አደረጉት። ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። እኔ ቆሜያለሁ። ልቤ ቀለል ብሎታል፤ ሌባ የሚል ቃል እንደሌለ አሁን ያዩታል።

«ጋሼ ዛሬም የወር ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልሎ…»

ቆሙ። ከመነጽሩ በላይ አዩኝ።

«… መጣ» አሉ። እንደገና፣ ቀስ ብለው፣ «መጣ»።

ያኔ ነው የገባኝ። ስልክ ላይ ቃል በቃል ነው ብዬ ስነግራቸው አፌ ራሱ አንቱ ብሎላቸዋል። ጠቅልሎውን ጠቅልለው፣ መጣን መጡ፣ ቢወጣን ቢወጡ አድርጌዋለሁ። «ሰውዬው» የምትለዋንማ ጭራሽ ዘልያታለሁ። ለመዋሸት አስቤ አይደለም፤ እሳቸውን እያናገርኩ ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም። ግን ይቅርታ ስጠይቅ ያነበብኩት ጽሑፍ የጻፍኩት አልነበረም።

«በስልክ ስትነግሪኝ እኮ መጡ ብለሻል» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ሰባት ዓመት እሺ ጋሼ፣ ያቆዩልኝ ጋሼ ትይኛለሽ። ዞር ስል መጣ ነኝ።»

ምን ይባላል? ሁላችንም ለባልንጀራችን ስንጽፍ እንዲህ እንደምንጽፍ፣ ሥራ አስኪያጁም «መጣ»፣ ኦዲተሩም «መጣ» እንደሆኑ ልነግራቸው አሰብኩ። አያዋጣም። «አዎ ጋሼ» ብቻ አልኩ። የአይቲው ልጅ ወለሉን እያየ ነው።

«ጡረታውን አልፌሻለሁ» አሉ፣ ስልኩን እየመለሱ። «ይቺን ግን ልያዛት።»

ሥራ አስኪያጁ ቀርተውኛል። ዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበሩ አላዩትም ብዬ ነበር። ሆኖም ጋሼ ጋ ከደረሰ እሳቸው ጋ መድረሱ አይቀርም፤ ከእኔ ቢሰሙት ይሻላል ብዬ ማምሻውን በራቸውን አንኳኳሁ። ገና አፌን ስከፍት «አይቼዋለሁ» አሉ። ለካ ስልካቸው ተቆልፎ እያለ ከላይ ብቅ ያለውን አንብበው ነው። ግሩፑን ካልከፈቱት እንዳዩ አይቆጠርም። ያ አራት ሰው የሚለው ዝርዝር ቢያንስ አራት ሰው ማለት ነው እንጂ አራት ብቻ ማለት አይደለም።

እግሬ ተንቀጠቀጠ። «ቲን የሌለው ስንት ብር ይሆናል?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ማስታወሻቸው ላይ ጻፉና «በይ ደህና እደሪ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያነሱት ነገር የለም። ከዚያ ወር ጀምሮ ግን ቲናችን የታተመበት ትንሽ ካርድ ለግዢ ሠራተኞች ሁሉ ታደለ። ስንት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄ ያላገኘሁት ነው።

ካሸሯ አሁንም «ባትነግሪያቸው ይሻል ነበር» ትላለች። ስቶር ኪፐሩን ረስታዋለች። እኔ ለእሷ የምጽፈውን አልቀነስኩም፤ ግን ከመላኬ በፊት ከላይ ያለውን ስም አነባለሁ፤ ፎርዋርድ ካደረግሁ በኋላ ደግሞ ስልኩን አስቀምጣለሁ። አንድ ነገር ተቀይሯል። ስለ ጋሼ ስጽፍ አንቱ እላለሁ። «ጋሼ ዛሬም አናደዱኝ» ብዬ ስጽፍላት ካሸሯ «ኪኪኪ» ትላለች።

ጋሼ ጡረታ አልወጡም። ካርዱ ኪሳቸው ውስጥ አለ፤ ደረሰኙ አሁንም በፌስታል ነው። ወር ባለቀ ቁጥር በሬ ላይ ይቆማሉ፣ ፌስታሉን ከፍ ያደርጋሉ፣ ቢሮው ሁሉ እንዲሰማ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«መጣ!» ይላሉ።