ኤቲኤሙ ብር ሳይሰጠኝ ሂሳቤ ተቀነሰ፦ ገንዘቡ በምን መንገድ ተመለሰ?

ብዙ ሰው ኤቲኤም ብሩን ቆጥሮ ከሰጠ በኋላ ሂሳብ የሚቀንስ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ካርድ አስገብታችሁ የምትፈልጉትን መጠን ስትነኩ ጥያቄው መጀመሪያ ወደ ባንካችሁ ይሄዳል። ባንኩ ቀሪ ሂሳባችሁን ያያል፣ ይቀንሳል፣ ከዚያ «ስጠው» የሚል ፈቃድ ይመልሳል። ማሽኑ ብር መቁጠር የሚጀምረው ይህ ፈቃድ ሲደርሰው ነው። በዚህ መሀል አንድ ነገር ከተበላሸ ሂሳባችሁ ተቀንሷል፣ ብሩ ግን ገና ሳጥኑ ውስጥ ነው።

እኔን ያገኘኝ እዚህ መሀል ላይ ነው። ቅዳሜ አመሻሽ፣ መገናኛ አካባቢ፣ የሌላ ባንክ ኤቲኤም ላይ 4,000 ብር አዘዝኩ። ካርዴን መለሰልኝ። ውስጥ ሲቆጥር ይሰማኛል። ከዚያ ስክሪኑ ድርግም አለ። ማሽኑ እንደ አዲስ ሲነሳ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦ ከሂሳቤ 4,000 ብር ወጪ ሆኗል። ጥበቃው «መብራት ብልጭ ብሎ ነው ወንድሜ። አይዞህ፣ ራሱ ይመልሰዋል» አለኝ።

ስለ መብራቱ ልክ ነበር። «ራሱ ይመልሰዋል» የምትለዋ ግን ሁልጊዜ አትሠራም። ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ፣ ነገሩን ስከታተል ነው።

ማሽኑ አለመስጠቱን ራሱ የሚያውቅበት ጊዜ አለ። ኖቱ ተጣብቆ ይቀራል፣ ሳጥኑ ባዶ ይሆናል፣ ወይም የብር መውጫው በር አልከፈት ይላል። ያኔ ማሽኑ ለባለቤቱ ባንክ «አልሰጠሁም» ብሎ ያሳውቃል። ከዚያም የተቀነሰውን የሚመልስ መልእክት ወደ ካርዱ ባንክ ይላካል። ባንኮች ሪቨርሳል የሚሉት ይሄንን ነው። ኔትወርኩ ደህና ከሆነ ሰኮንድ ወይም ደቂቃ ቢፈጅ ነው። አንዳንዴ የወጪውና የገቢው መልእክት ተከታትለው ይገባሉ፣ ሰውም ሳያስተውል ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ኔትወርኩ ከተቋረጠ ሪቨርሳሉ አይጠፋም። ተሰልፎ ይጠብቃል። ከወዲያ በኩል «ደርሶኛል» የሚል መልስ እስኪመጣ እየተደጋገመ ይላካል። ስለዚህ ማታ የተቀነሰ ገንዘብ ኔትወርኩ ሲመለስ፣ ሌሊት ወይም ጠዋት፣ ሂሳብ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ዓይነቱ መጠበቅ በቂ ነው። ባንክ ሄዶ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው።

የኔ ግን ሌላ ነው። እየቆጠረ መብራት ሲጠፋበት ማሽኑ ራሱ ብሩን ይስጥ አይስጥ አያውቅም። ባንኩም አያውቅም። ደንበኛው ብሩን ይዞ ሄዶም ሊሆን ይችላል። በግምት ሪቨርሳል ቢላክ ባለማሽኑ ባንክ ሊከስር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሂሳብ ሰው አጣርቶ እስኪወስን እንደተንጠለጠለ ይቆያል።

የኔ ጉዳይ የትኛው እንደሆነ የለየሁት እሁድ ነው። ጠዋት ቀሪ ሂሳቤን አየሁ፣ ምንም የለም። መልእክት አለመምጣቱን ብቻ አላመንኩም፤ ሪቨርሳል ሲገባ መልእክት የማይልክ ባንክ አለና ሂሳቡን ከፍቶ ማየት ይሻላል። ከዚያ በማሽኑ በኩል ሳልፍ ሰዎች ብር እያወጡ ነው። መስመሩ ተመልሷል ማለት ነው። ተሰልፎ የሚጠብቅ መልእክት ቢኖር ኖሮ እስካሁን ይደርስ ነበር።

አንድ ተስፋ ግን ቀርቶኛል፦ የማስታረቅ ሥራው። በሌላ ባንክ ማሽን የምናወጣው ገንዘብ የሚያልፈው ባንኮቹን እርስ በርስ በሚያገናኘው ድርጅት፣ በኢትስዊች በኩል ነው። ባንኮቹ የየቀኑን ዝርዝር ያመሳክራሉ። አንዱ ጋ «ተቀንሷል»፣ ሌላው ጋ «አልተሰጠም» የሚል ከተገኘ ማንም ሳያመለክት ሊመለስ ይችላል። ይሄ ግን በሥራ ቀን የሚሠራ ሥራ ነው። ቅዳሜ ማታ የተቀነሰ ገንዘብ ከሰኞ በፊት ባይመለስ አይገርምም። በዓል ከተጨመረበት ደግሞ ይረዝማል።

ሰኞ ከሰዓት አሁንም የለም። ቅርንጫፍ ሄድኩ። የራሴ ባንክ፣ ማለትም ካርዱን የሰጠኝ። ይሄ ነጥብ ብዙ ሰው ያንከራትታል። ማሽኑ የማንም ይሁን አቤቱታው የሚጀምረው ከካርዱ ባንክ ነው። ባለማሽኑ ባንክ ሂሳባችሁን አያየውም፣ ሊመልስላችሁም አይችልም። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ኤቲኤሙ የኛ ነው የሌላ?» ብላ ነው። የራሳቸው ቢሆን ኖሮ ራሳቸው ከፍተው ቆጥረው ይጨርሱት ነበር። የሌላ ሲሆን ጥያቄው ወደዚያኛው ባንክ ተልኮ መልስ ይጠበቃል። መንገዱ የሚረዝመው ለዚህ ነው።

ቅጹ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማሽኑ ያለበትን ቦታ፣ መጠኑንና የካርዱን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ሞላሁ። ሰዓቱን ከስልኬ መልእክት ላይ በደቂቃው ገለበጥኩት። መልእክቱ ላይ ያለውን የሪፈረንስ ቁጥርም ጨመርኩ። «ማታ አካባቢ» ብሎ መጻፍ ለሚፈልገው ሰው አይጠቅመውም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ የቆጠራ ነው። ለምሳሌ ማሽኑ ውስጥ 400,000 ብር ተጭኖ ነበር እንበል። በማሽኑ መዝገብ ላይ የተሰጡት ሁሉ ሲደመሩ፣ የኔም 4,000 እንደተሰጠ ተቆጥሮ፣ 287,400 ብር ሆነ። መቅረት ያለበት 112,600 ነው። ሳጥኖቹ ሲከፈቱና ማሽኑ ለይቶ የጣላቸው ኖቶች ሲጨመሩ ግን 116,600 ተገኘ። የተረፈው 4,000 ብር የማን ነው? መዝገቡ ላይ ያ ሰዓት ይታያል፦ ጥያቄው አለ፣ ፈቃዱ አለ፣ ብሩ ለደንበኛው ቀረበ የሚለው መስመር ግን የለም። ትርፉና ሰዓቱ ሲገጣጠሙ ጉዳዩ ያልቃል።

አስቸጋሪ የሚሆነው ትርፍ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ያኔ «ተሰጥቷል» የሚል መልስ ይመጣል። እንዲህ ከመጣ በቃል መልስ አትሸነፉ። የማሽኑ መዝገብ ቅጂ እንዲታይ፣ ካሜራ ካለም ምስሉ እንዲጣራ በጽሑፍ ጠይቁ። የካሜራ ምስል ለዘላለም አይቀመጥም፣ ስለዚህ ማመልከቻው ቶሎ ቢገባ ይመረጣል።

ያን ዕለት እዚያው ማሽን ላይ ደግሜ አልሞከርኩም። ደጋግሞ መጫን የሚያባብሰው ነገር አለ፦ ያው 4,000 ሁለቴ ሊቀነስ ይችላል፣ የቀኑ ገደብም ይሞላል። ሁለተኛው ቢሳካ ደግሞ በተቀራራቢ ሰዓት ሁለት ተመሳሳይ ወጪ ይመዘገባል። ያኔ «ያልደረሰኝ የፊተኛው ነው» ብሎ ማስረዳት ጣጣ ነው።

ገንዘቡ ከሳምንት በኋላ ገባ። 4,000 ብሩ ብቻ። የሌላ ባንክ ማሽን በመጠቀሜ የተቆረጠችው ኮሚሽን ለብቻዋ በሌላ መስመር ተመዝግባ ስለነበር አብራ አልተመለሰችም። ትንሽ ናት፣ ግን ላልተሰጠኝ አገልግሎት ነው የከፈልኳት። ደውዬ ጠየቅኩ። የካርድ ክፍሏ ልጅ ሳቀችና ኮሚሽኗንም መለሰችልኝ።