በሁለተኛው ቀን ሄፓሪኑን ላቁም ብዬ የተሳሳትኩበት ጥያቄ

ደም ከመጠን በላይ እንዳይረጋ የሚጠብቁትን ፕሮቲኖች ማጥናት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ትናንት ማታ ሲያስቸግረኝ የቆየው ነገር ገባኝና ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያው አልከበደኝም። አንቲትሮምቢን ደም የሚያረጉትን ትሮምቢንንና የነቃውን ፋክተር 10 ይዞ ሥራ ያስፈታል፤ በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት ሄፓሪን ይህን ያፋጥንለታል። ፕሮቲን ሲ ሲነቃ ሌሎቹን አርጊዎች፣ የነቁትን ፋክተር 5ንና 8ን፣ ቆርጦ ያከሽፋል። ፕላዝሚን ደግሞ ደሙ ከረጋ በኋላ የረጋውን ደም አንድ ላይ የያዘውን የፋይብሪን መረብ ይበጣጥሳል። ላብራቶሪ ዲ-ዳይመር ብሎ የሚለካው ከዚያ የሚወጣውን ቁርጥራጭ ነው።

ያስቸገረኝ ደም እንዳይረጋ የሚዋጠው መድኃኒት ዋርፋሪን ነው። በጥናት ቡድናችን የቀረበው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ እግሯ ላይ ደም ሥር ውስጥ ደም የረጋባት ሴት ሄፓሪንና ዋርፋሪን አብረው ተጀመሩላት። በሁለተኛው ቀን አይኤንአሯ፣ ማለትም ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር፣ 2.1 ሆነ። ሄፓሪኑ ይቁም? የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ስለሆነ "ይቁም" አልኩ። ተሳስቻለሁ።

ዋርፋሪን ቀድሞ የተሠራውን ፕሮቲን አይነካም። ጉበት በቫይታሚን ኬ የሚሠራውን አዲሱን ብቻ ነው የሚያበላሸው። ስለዚህ ወሳኙ ነገር የድሮው ስንት ሰዓት ይቆያል የሚለው ነው። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት አውጥቼ ሣልኩት። በቫይታሚን ኬ ከሚሠሩት መካከል ደም የሚያረጋው ፋክተር 7 በ6 ሰዓት ገደማ ይጋመሳል፣ ፕሮቲን ሲ በ8፣ የትሮምቢን ምንጭ የሆነው ፕሮትሮምቢን ግን በ60 ሰዓት ገደማ።

ምርቱ ጨርሶ ቆመ እንበል። ከ24 ሰዓት በኋላ ፕሮቲን ሲ ሦስቴ ተጋምሶ 12 በመቶ ግድም ይቀራል። ፕሮትሮምቢን ግን ገና 75 በመቶ ላይ ነው። ጠባቂው ሄዷል፣ አርጊው አለ። አይኤንአሩ የጨመረው ፋክተር 7 ቀድሞ ስላለቀ እንጂ ሴትየዋ ስለተጠበቀች አይደለም። ፕሮትሮምቢን 25 በመቶ የሚደርሰው በ120 ሰዓት ነው፤ አምስት ቀን ማለት ነው። ሄፓሪኑ ቢያንስ 5 ቀን፣ አይኤንአሩም 2 ደርሶ 24 ሰዓት እስኪቆይ ይቀጥል የሚባለው ለዚህ ነው። በእውነተኛ ሰው ምርቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይቆም ቁጥሩ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

ፕሮቲን ሲ ሲወለዱም ያነሳቸው ሰዎች ላይ ይህ ክፍተት ቆዳ ያበሰብሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው ቀን በኋላ ጡት፣ ጭን ወይም መቀመጫ ላይ የሚያም ቀይ ነገር ይወጣና ይጠቁራል።

ደም እንዴት እንደሚረጋ የሚያሳየውን የቀስት ሥዕል መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነኝ። እኔ ሁለት ሳምንት የፈጀሁት በዚያ ነው። ሰዓቱን በወረቀት ላይ ሣሉት። ደግሞ ዋርፋሪን በሚወስድ ሰው ላይ ፕሮቲን ሲ አታስለኩ፤ መድኃኒቱ ራሱ ስለሚያወርደው የትውልድ ጉድለት ያስመስለዋል። ፕላዝሚንን የሚገታውን አንቲፕላዝሚንን ግን ገና በደንብ አላነበብኩትም፤ እሱን የሚመለከት ጥያቄ ለጊዜው አትጠይቁኝ።