አቬሬጁ 1 ነው፣ 1 ያዘዘ ሰው ግን የለም

ቀስ ብለው የሚወጡ መለዋወጫዎች ላይ ፎርካስት መስራት እየተለማመድኩ ነው ብያችሁ ነበር፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ስለገባኝ ላካፍላችሁ። መለማመጃ እንዲሆነኝ የአንድ ኩሽኔታ የ24 ወር ዳታ አዘጋጀሁ፣ በ3ኛው ወር 6፣ በ9ኛው 4፣ በ16ኛው 8፣ በ22ኛው 6 ተጠየቀ፣ ሌላው ወር ሁሉ ዜሮ ነው። ድምሩ 24 ስለሆነ አቬሬጁ በወር 1 ይመጣል። እቃው ታዞ እስኪገባ 3 ወር ይፈጃል፣ ስለዚህ "3 ፍሬ ስቶክ ላይ ካለን ይበቃል" ብዬ ተዝናናሁ።

ከዛ መለስ ብዬ ሳየው በ2 ዓመት ውስጥ ከ4 በታች የተጠየቀበት አንድም ቀን የለም! 3 ፍሬ ይዤ ብቀመጥ ብር እዛ ታስሮ ይቀመጣል እንጂ አንዱንም ኦርደር ሙሉ ለሙሉ አልሸፍንም ማለት ነው።

የጠቀመኝ ወሩን ትቼ የ3 ወር ድምር ማየት ነው። ቁጥሮቹ ከB2 እስከ B25 ካሉ ኤክሴል ላይ C2 ውስጥ ይቺን ጽፎ እስከ C23 ወደ ታች መጎተት ነው፦

```
=SUM(B2:B4)
```

ከ22ቱ ድምሮች 10ሩ ዜሮ፣ 3ቱ 4፣ 6ቱ 6፣ 3ቱ 8 ሆኑ። 3 ፍሬ ብይዝ የሚበቃኝ በ10ሩ ብቻ ነው፣ እነሱም ማንም ምንም ያልጠየቀባቸው ናቸው 😅 6 ብይዝ ግን 19ኙን እሸፍናለሁ። ድምራቸው 8 የሆነውን 3ቱንም ለመሸፈን 2 ፍሬ ልጨምር ወይ የሚለው እቃው ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል ወይ በሚለው ነው የሚወሰነው፣ አቬሬጅ ይሄን አይነግራችሁም።

ክሮስተን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጣውን ዘዴም ሞከርኩት፣ የኦርደሩን መጠን ለብቻ በኦርደሮች መሀል ያለውን ጊዜ ለብቻ ይይዛል፣ ግምቱን የሚያስተካክለውም ኦርደር ሲመጣ ብቻ ነው። ሁለቱን ሲያካፍሉት ግን እዚህም ወደ 1 ገደማ ይመጣል፣ እኔ መጀመሪያ ተአምር ጠብቄ ነበር። ጥቅሙ "ሲመጣ 6 ገደማ ነው፣ የሚመጣውም በ6 ወር አንዴ ገደማ ነው" የሚለውን ለይቶ ማሳየቱ ነው።

ሌላው ያሳሳተኝ የስህተት መለኪያው ነው። በየወሩ በግምቱና በተጠየቀው መሀል ያለውን ልዩነት ደምሬ ለ24 ሳካፍል አቬሬጁ 1.67 ስህተት አመጣ፣ ሁልጊዜ "ዜሮ" ብዬ ብገምት ግን 1 ብቻ፣ ማለትም በዚህ መለኪያ ከሄድን አሸናፊው ምንም እቃ አለመያዝ ነው። በፐርሰንት ልለካው ስል ደግሞ ዜሮ ወሮቹ ላይ ለዜሮ ማካፈል መጣ፣ ኤክሴሉ በ#DIV/0! ተሞላ።

4 ኦርደር በጣም ትንሽ ዳታ ነው፣ ነገ 12 የሚጠይቅ ቢመጣ ከዚህ ሰንጠረዥ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ቀጥሎ የማየው ያቺን 8 ነው፣ እንዲህ አይነቷ ቀድሞ ፕሮግራም ተይዞለት ለሚሰራ ጥገና የተጠየቀች ከሆነች ከፎርካስቱ ወጥታ በጥገናው ቀን መታዘዝ ያለባት ይመስለኛል።