የመጋዘኑ የኤክሴል ፋይል በምን ተዘጋ?

በአንድ አስመጪ ድርጅት የምመራው የኢአርፒ ፕሮጀክት ሥራ ከጀመረ ወራት ተቆጥረዋል። የመጋዘን ኃላፊዋ የኤክሴል ፋይላቸውን በራሳቸው ፈቃድ መሙላት ያቆሙት ግን በዚህ ወር ነው። ሲስተሙ ከተመረቀበት ቀን ይልቅ ይህ አስደስቶኛልና ተመሳሳይ ሥራ ላይ ላላችሁ ላካፍላችሁ።

ሥልጠናውም የድሮ መረጃ ማስገባቱም ያለ ብዙ ችግር አለፈ። ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን መጋዘኑ ገቢና ወጪውን በኤክሴል መያዙን ቀጠለ። አስተዳደሩ «ኤክሴል ተከልክሏል» የሚል ደብዳቤ ሊያወጣ ሲል አጥብቄ ተቃወምኩ። የተከለከለ ፋይል ወደ ፍላሽ ይዛወራል እንጂ አይጠፋም፤ ያኔ እኛም አናየውም።

ኃላፊዋ አጠገብ ተቀምጬ ፋይሉን ዓምድ በዓምድ አየሁት። አብዛኛው በሲስተሙ ውስጥም አለ። አንዱ ዓምድ ግን «ወጥቷል፣ አልተመዘገበም» ይላል። ዕቃው ከጅቡቲ መጥቶ መጋዘን ይገባል፤ ሒሳብ ክፍል ግን የጉምሩክና የትራንስፖርት ወጪው ተጠቃልሎ የአንዱ ዋጋ እስኪታወቅ ድረስ ገቢውን አያጸድቅም። ሲስተሙም ቀሪው ዜሮ ነው ብሎ ዕቃው እንዳይወጣ ይከለክላል። ደንበኛው ከፍሎ መኪናውን በር ላይ አቁሟል፣ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ይታያል። ኃላፊዋ በእጅ ደረሰኝ አስረክበው በኤክሴል ከመያዝ በቀር ምን አማራጭ ነበራቸው? ሥልጠና ቢደገምላቸው ይህ አይፈታም።

መፍትሔው ብዛትን ከዋጋ መለየት ነበር። ዕቃው በገባበት ቀን በግምት ዋጋ ገቢ ይደረጋል፤ ልዩነቱ በኋላ ይስተካከላል። ለምሳሌ 100 ባትሪ እያንዳንዱ በ8,000 ብር ግምት ገባ እንበል። 60ው ከተሸጠ በኋላ ትክክለኛው ዋጋ 8,500 ሆኖ ተገኘ። ከ50,000 ብር ልዩነት 30,000ው ወደ ተሸጠው ዕቃ ወጪ፣ 20,000ው ወደ ቀሪው ዕቃ ዋጋ ይሄዳል።

የሒሳብ ኃላፊው የወሩ ትርፍ ይዛባል ብለው ተከራከሩ፤ ሥጋታቸው እውነት ነው። ስለዚህ ወር ከመዘጋቱ በፊት ዋጋቸው ያልተጠቃለለ ገቢዎች ዝርዝር ለእርሳቸው ይቀርባል። ግምቱም በድሮ የዋጋ ዝርዝር መሠራት የለበትም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ባንኩ የጭነቱን ሰነድ ያስተናገደበትን ምንዛሪ ያዙ።

ችግሩ እንዳይመለስ የምከታተለው አንድ ነገር ነው፦ በወረቀቱ የገቢ ደረሰኝና በሲስተሙ ምዝገባ መካከል ያለውን የቀን ልዩነት። ልዩነቱ ከአንድ ቀን ካለፈ ፋይሉ ሊመለስ ነው ማለት ነው፤ ወዲያውኑ ወደ መጋዘን እወርዳለሁ።

የሽያጭ ክፍሉ የኮሚሽን ፋይል ግን አሁንም በኤክሴል ነው፤ እኔም አልነካሁትም። የኮሚሽኑ ደንብ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ መረጃውም ከሲስተሙ የወጣ ነው። የምታገለው ገቢና ወጪ መጀመሪያ ከሚጻፍበት ፋይል ጋር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ፋይል በግዥ ክፍል ቀርቶኛል፤ ቀጣዩ ሥራዬ እርሱን ዓምድ በዓምድ ማየት ነው።