25 በመቶ የከፈለው ባንክ

ባሕር ዳር ላይ የባንክ አክሲዮን የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚነግርህ «ዘንድሮ 25 ፐርሰንት ከፍሏል» ብሎ ነው። ሐይቁ ዳር ቡና ስንጠጣ አንድ ጡረተኛ ጎረቤቴም እንዲሁ አሉኝ። አንዱን አክሲዮን በ1,250 ብር ሊሸጡልኝ ፈልገው ነበር።

«ጋሼ፣ 25 ፐርሰንቱ ከየትኛው ዋጋ ላይ ነው?»

«ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ከአንድ ሺው ነዋ ልጄ!»

እኔ የምከፍለው ግን 1,250 ነው። 250 ብሩን የትርፍ ድርሻ ለዚያ ሳካፍለው 20 በመቶ ሆነ። ዲቪደንድ ይልድ የሚሉት ይህንን ነው። የሌላ ባንክ አክሲዮን ደግሞ 1,600 ብር ተጠርቶልኝ ነበር፤ የከፈለው 224 ብር፣ ማለትም 14 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ የጋሼን እገዛ ነበር።

የሁለቱንም ባንኮች ዓመታዊ ሪፖርት አወጣሁ። ከትርፍና ኪሳራ መግለጫው ግርጌ አንድ አክሲዮን ስንት እንዳተረፈ የሚገልጽ መስመር አለ። የጋሼ ባንክ 260 ብር አትርፎ 250 ከፍሏል፤ 96 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ሁለተኛው 400 አትርፎ 224 ከፈለ፤ 56 በመቶ። ፔይአውት ሬሾ ይኸው ነው፤ ከተገኘው ትርፍ ምን ያህሉ ለባለአክሲዮን እንደተከፋፈለ ያሳያል።

96 በመቶው ግን አልዋጥልህ አለኝ። ባንክ ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ 25 በመቶውን ለሕጋዊ መጠባበቂያ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት። ከ260 ላይ 65 ሲነሳ 195 ነው የሚቀረው። ታዲያ 55 ብሩ ከየት መጣ? መልሱን የካፒታል ለውጥ መግለጫው ላይ አገኘሁት። ካለፉት ዓመታት ሳይከፋፈል ከተላለፈው ትርፍ ተቀንሷል። እዚያ የቀረው በአንድ አክሲዮን ሲታሰብ 20 ብር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ባንኩ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ 260 ቢያተርፍ እንኳ ሊከፍል የሚችለው ቢበዛ 215 ነው። የኔ 20 በመቶ ወደ 17 ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ 195 ብር ብቻ፣ 15.6 በመቶ።

ሁለተኛውን ገዛሁ። ውድ ነው፣ ግን የሚከፍለው ከዓመቱ ትርፍ ነው፤ ትርፉ ትንሽ ቢቀንስም 224ቱን መክፈል አያቅተውም።

25 በመቶው መጠባበቂያ ሲነሳ የሚቀረው 75 በመቶ ግን ለሁሉም ባንክ የክፍያ ጣሪያ አይደለም። መጠባበቂያው የባንኩን ካፒታል ካከለ የሚቀነሰው 10 በመቶ ብቻ ስለሚሆን 90 በመቶ መክፈልም ጤናማ ሊሆን ይችላል። ሬሾውን ከማማትህ በፊት መጠባበቂያውንና ካፒታሉን ሪፖርቱ ላይ አስተያይ። ዝቅተኛ ሬሾም ሁሌ መልካም ዜና አይደለም። ጠቅላላ ጉባኤው ትርፉ ወደ ካፒታል ይዙር ብሎ ከወሰነ የሚደርስህ አዲስ አክሲዮን እንጂ ጥሬ ብር አይደለም። የቤት ኪራይ በትርፍ ድርሻ ለመክፈል ላሰበ ሰው ደግሞ አይሆንም፤ አከራይ አክሲዮን አይቀበልም። እኔም ከመፈረሜ በፊት የሁለተኛውን ባንክ የቀደሙ ጉባኤዎች ውሳኔ ጠይቄ አየሁ፤ የከፈሉት በጥሬ ብር ነበር።