ደመወዛቸው ከሚራራቅ ባልደረቦች የሽኝት መዋጮ ስሰበስብ የምከተለው መንገድ

ለመጨረሻ ጊዜ የሰበሰብኩት ጡረታ ለወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛችን ነበር። መዋጮው የሚመለከተን 28 ነን። 10 የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች 4,500 ብር ገደማ፣ 12 ባለሙያዎች 12,000፣ 6 ኃላፊዎች ደግሞ 40,000 ገደማ በእጃቸው ያገኛሉ።

ለሁሉም እኩል 300 ብር ቢባል 8,400 ይሞላል። ነገር ግን 300 ብር ለጥበቃው ከደመወዙ ከመቶ ሰባት ያህል ሲሆን፣ ለኃላፊው ከመቶ አንድም አይሞላም። ስለዚህ የስጦታውን ዋጋ አስቀድሜ አልናገርም፤ ዋጋው ከታወቀ ሰው ወዲያው ለ28 ያካፍለዋል። መነሻ የማደርገው እጅ ላይ ከሚደርሰው ደመወዝ ከመቶ ሁለትን ነው። እያንዳንዱ የራሱን ያሰላል፣ የማንንም ደመወዝ መጠየቅ አያስፈልግም። በዚህ ስሌት 90፣ 240 እና 800 ብር ይደርሳል፤ ሁሉም ቢሰጥ 8,580 ይሆናል። ሁሉም ስለማይሰጥ የማቅደው በሦስት አራተኛው፣ በ6,400 ገደማ ነው።

ስምና ብር እየተጻፈበት የሚዞር ወረቀት ግን ፈጽሞ አላዞርም። ኃላፊው አናት ላይ 2,000 ከጻፉ፣ ከሥር ያለችው የጽዳት ሠራተኛ 50 ብር መጻፍ ያሳፍራታል፤ ተበድራም ቢሆን 200 ትጽፋለች። በዚያ ፈንታ ለ28ቱም አንድ ዓይነት ፖስታ አድላለሁ። መልእክቱም አጭር ነው፦ «መነሻው ከመቶ ሁለት ነው፤ ያነሰም፣ ምንም ያልያዘም ፖስታ ይመለስ። ስም አይጻፍበት።» ባዶውም መመለሱ ዋናው ነገር ነው፤ ማን እንዳልሰጠ አይታወቅም። እኔ ምልክት የማደርገው ፖስታው መመለሱን ብቻ ነው።

አንድ ችግር አለ። ትልቁ ኖት 200 ብር ስለሆነ ብዙ የሰጠ ሰው ፖስታ ወፍሮ ያስታውቃል። ስለዚህ በቴሌብር መላክም ይቻላል፤ የላከውም ባዶ ፖስታውን ይመልሳል። የላኪው ስም ለተቀባዩ ስለሚታይ፣ ሒሳቡን የሚይዘው ሰው የማንም አለቃ ያልሆነና ምስጢር የሚጠብቅ መሆን አለበት። ኃላፊ ራሱ ከሰበሰበ የበታቹ እምቢ ማለት አይችልም፤ ያ መዋጮ ሳይሆን ግብር ይሆናል።

ፖስታ የማድለው ደመወዝ በገባ ማግስት ነው፤ በሦስት ቀን እዘጋዋለሁ። ወሩ ከተጋመሰ በኋላ ከዝቅተኛ ተከፋዮች መጠየቅ ለብድር መዳረግ ነው። አስታዋሽ መልእክት አንዴ፣ ለሁሉም በአንድነት ይላካል። ለብቻ ጠርቶ «አንተስ?» ማለት የፖስታውን ጥቅም ያጠፋዋል።

ፖስታዎቹን ከተለያየ የሥራ ክፍል የመጣን ሁለት ሰዎች ቀላቅለን እንከፍታለን፣ ድምሩን ብቻ እንጽፋለን። ግዢው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከኪስ አስቀድሞ የገዛ ሰው ጉድለቱን ለመሙላት ሰው ማስጨነቁ አይቀርም። ለጡረተኛው ጋቢና የእጅ ሰዓት ነበር ያሰብነው፤ ገንዘቡ ቢያንስ ኖሮ ጋቢው ብቻ ይበቃ ነበር። ካርዱ ላይ የ28ቱም ስም በፊደል ተራ ይሰፍራል፣ የሰጠም ያልሰጠም። የተረፈው ብር ከስጦታው ጋር በፖስታ ይሰጣል፤ የግዢው ደረሰኝና ድምሩ ደግሞ ለሁሉም ይለጠፋል።