ስድስት ቀበሌ ለምን አልበቃም? የናሙና ስሌታችንን ያረምንበት መንገድ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለድብርት ታማሚዎች የሚሰጡት የምክር አገልግሎት ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን ለመፈተን ስንነሣ ዕጣ ያወጣነው በሰው ሳይሆን በቀበሌ ነበር። በአንድ ጤና ኬላ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ሁለት ሠራተኞች ስለሆኑ፣ የሠለጠነችውን ሠራተኛ አንዱን ጎረቤት አማክሪ፣ ሌላውን ተይው ማለት አይቻልም።

የድብርቱን መጠን የለካነው ከ0 እስከ 27 ነጥብ ባለው በፒኤችኪው 9 መጠይቅ ነው። በሁለቱ ቡድኖች መካከል የ1.5 ነጥብ ልዩነት ለታማሚው ትርጉም እንዳለው ተስማማን፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን 5፣ ፓወሩን፣ ማለትም ልዩነቱ በእርግጥ ካለ የማግኘት ዕድላችንን፣ 80 በመቶ አድርገን ስናሰላ ለእያንዳንዱ ቡድን 175 ሰው ወጣ። እኔም ለየቡድኑ 6 ቀበሌ፣ ከየቀበሌው 30 ሰው ይበቃል ብዬ ረቂቁን ጻፍኩ።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር። የአንድ ቀበሌ ሰዎች የሚያማክራቸው ሰው፣ ገበያቸውና ችግራቸው አንድ በመሆኑ ውጤታቸው ይቀራረባል፤ ይህ መቀራረብ አይሲሲ በሚባል ቁጥር ይለካል። ቀደም ሲል ከሰበሰብነው መረጃ ያገኘነው 0.05 ገደማ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ከየቀበሌው m ሰው ሲወሰድ የሚያስፈልገው ናሙና በዚህ ልክ ይባዛል፦

```
1 + (m - 1) × ICC
```

ለ30 ሰው ብዜቱ 2.45 ስለሆነ የእኔ 180 ሰዎች የያዙት መረጃ የ73 ሰው ያህል ብቻ ነበር። ከየቀበሌው የምንወስደውን ሰው እንጨምር ስል የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ባልደረባችን ወረቀት ስባ አሰላችልኝ፤ ከየቀበሌው 100 ሰው ብንወስድ መረጃው የ101 ሰው ያህል፣ 1000 ብንወስድ ደግሞ የ118 ያህል ብቻ ነው። «ወንድሜ፣ የፈለግከውን ያህል ሰው ብትጨምር ከ120 አታልፍም፤ ቀበሌው ያው ስድስት ነው» አለችኝ። ጣሪያው የቀበሌው ቁጥር ለአይሲሲው ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ እኛ የምንፈልገው ግን 175 ነበር። እንግዲህ በየቡድኑ ከ9 ቀበሌ በታች ይዞ መነሣት ከጅምሩ ከንቱ ድካም ነው።

ስሌቱን እንደገና ስንሠራ እስከ መጨረሻው የሚቆዩትን ከየቀበሌው በአማካይ 25 አደረግን፤ 20 በመቶው ሊቀር ስለሚችል የምንመዘግበው 32 ሆነ። የታማሚው ቁጥር ከቀበሌ ቀበሌ ስለሚለያይ ያንን ልዩነትም አስገባን፤ የቁጥሩ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የአማካዩ ግማሽ ነው ብለን ብዜቱ 2.51 ደረሰ። በዚህም ለየቡድኑ 18 ቀበሌ ወጣ፤ አንድ ቀበሌ ሊጎድል ይችላል ብለን 19 አደረግነው።

ከጥቂት ቀበሌ የተገኘ አይሲሲ ራሱ የሚያስተማምን ስላልሆነ ስሌቱን በ0.02 እና በ0.10 ደገምነው፤ የሚያስፈልገው ቀበሌ በመጀመሪያው 12፣ በሁለተኛው 29 ሆነ። ለ29 የሚሆን በጀት አልነበረንም። ስለዚህ አይሲሲው 0.10 ከሆነ 19ኙም ቀበሌዎች ቢጠናቀቁ እንኳ ፓወሩ ወደ 63 በመቶ ገደማ እንደሚወርድ፣ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት በፕሮቶኮሉ ላይ በግልጽ ጻፍነው።